«መቼ ጠየቀኝ?»

እናቴ የደም ግፊት አለባት። በየወሩ ጅማ ውስጥ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ለክትትል እወስዳታለሁ። አንድ ቀን ጠዋት ተራችን ደርሶ ገባን። ወጣቱ ሐኪም ከካርዱ ቀና አለ።

«እንዴት አደሩ እናቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ እንዴት አደርክ ልጄ?»

«ይመስገን። ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ፣ ክብሩ ይስፋ።»

ግፊቷን ለካ። ቁጥሩ ደህና ነበር። ካርዱ ላይ ጻፈና ያንኑ መድኃኒት ደገመላት። አመስግነን ወጣን። ባጃጅ ውስጥ ገብተን ትንሽ እንደሄድን እናቴ ጫማዋን እያየች «እግሬ ግን ማበጡን አልተወም» አለች። «ማታ ማታ እንደ ዳቦ ነው የሚነፋው። ይኼ ጫማም አልገባ እያለኝ ነው።»

ደነገጥኩ። «ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?»

«መቼ ጠየቀኝ?»

ጠይቋታል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ደህና ነዎት?» ብሏታል፣ እሷም «ደህና ነኝ» ብላለች። ግን ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩና እናቴ እውነቷን እንደሆነ ገባኝ። ሐኪሙ የጠየቀ መስሎታል። እሷ ግን የሰማችው ሰላምታ ነው። ሰላምታ ደግሞ መልሱ የታወቀ ነው። ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት ስለዚህ ነገር ነው። ጥያቄ መስሎ ጥያቄ ያልሆነ ንግግር ለምን አለን? ምን ይሠራልናል?

ሰፈራችን ውስጥ፣ ከአዌቱ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ ሁላችንም «ሐጂ» የምንላቸው ባለሱቅ አሉ። ስኳር ልገዛ ስሄድ እንዲህ እንባባላለን።

«አሰላሙ ዓለይኩም ሐጂ።»

«ወዓለይኩሙ ሰላም። አካም ቡልቴ?»

«ፈያ። እርስዎስ እንዴት አደሩ?»

«አልሐምዱሊላህ። እናትህ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ልጆቹ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ሰላም ነህ ታዲያ?»

«ሰላም ነኝ፣ ይመስገን። አንድ ኪሎ ስኳር ይስጡኝ።»

ይኼ ሁሉ ሲነገር ከአሥርና አሥራ አምስት ሰከንድ አይበልጥም። ዓረብኛ አለበት፣ ኦሮምኛ አለበት፣ አማርኛ አለበት። ጅማ ላደገ ሰው ምንም አይገርምም። አሁን አንድ በአንድ እንየው። ሐጂ ስለ እኔ ምን አዲስ ነገር አወቁ? ምንም። እኔስ ስለ ልጆቻቸው ምን ሰማሁ? ምንም። እንዲያውም ሐጂ ስለ እናቴ የጠየቁኝ እግሯ ባበጠበት ሰሞን ነበር። እኔ ግን ሳላስብ «ደህና ናት» አልኩ።

እንዲህ ያለውን ንግግር ለይቶ ስም ያወጣለት ብሮኒስላቭ ማሊኖውስኪ ነው። ትውልደ ፖላንድ የሆነ የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከኒው ጊኒ በስተምሥራቅ ባሉት የትሮብሪያንድ ደሴቶች ከሕዝቡ ጋር ኖሮ ቋንቋቸውን ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1923 ባወጣው ጽሑፍ ላይ አንድ ነገር አነሳ። ሰዎች ሲገናኙ የሚሉት ብዙው ነገር ሐሳብ ለማስተላለፍ አይደለም። ስለ ጤና መጠየቅ፣ ስለ አየሩ ማውራት፣ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር መልሶ መናገር። እዚያ ደሴት ላይ መንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎች «ከየት ትመጣለህ?» ይባባላሉ። እኛም «ወዴት ነው?» እንላለን። «እዚሁ ነኝ» ተብሎ ይታለፋል። ጠያቂው መድረሻውን ማወቅ አልፈለገም።

ማሊኖውስኪ ይህን ንግግር «ፋቲክ» አለው። ቃሉ መናገርን ከሚመለከት የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ሥራው ቃል በመለዋወጥ ብቻ ሰውን ከሰው ማገናኘት ነው። ምክንያቱን ሲያስረዳ ከዝምታ ይነሳል። አጠገብህ የቆመ የማታውቀው ሰው ዝም ካለ ያስፈራል። ምን አስቦ ይሆን ትላለህ። አንድ ቃል ሲተነፍስ ግን ፍርሃቱ ይቀላል። ምን አለ የሚለው እምብዛም ለውጥ የለውም። መናገሩ ነው ዋናው።

ጅማ ይህን ለማየት ጥሩ ቦታ ናት። ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የንግድ ከተማ ናት። ቡናና ማር ይዞ ከየአቅጣጫው የሚመጣ ሰው፣ ቋንቋው የተለያየ፣ ሃይማኖቱ የተለያየ፣ አንድ ገበያ ላይ ይገናኛል። ዛሬም የጅማ መርካቶ ብትገቡ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ዳውርኛ፣ ከፍኛ ትሰማላችሁ። በዚህ መሃል ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ገና ዋጋ ሳይነጋገሩ አንድ ነገር ማወቅ አለባቸው። ይኼ ሰው በሰላም ነው የመጣው? ከእኔ ጋር ለመነጋገር ፈቃደኛ ነው? በየትኛው ቋንቋ? «አሰላሙ ዓለይኩም» ሲባል ይኼ ሁሉ ይመለሳል። ሰውየው ስለ ራሱ ምንም ሳይነግርህ እንዴት እንደምትይዘው ነግሮሃል።

ስለዚህ «ሰላምታ ባዶ ነው» ሲባል ስለ ጤናው ባዶ ነው ማለት ነው። ስለ ግንኙነቱ ግን ባዶ አይደለም። አማርኛችን ደግሞ በዚህ በኩል ጎበዝ ነው።

እስኪ አስቡት። ትናንት ያየሁትን ሰው ጠዋት ሳገኘው «እንዴት አደርክ?» እለዋለሁ። ጠዋት አይቼው ማታ ስንገናኝ «እንዴት ዋልክ?»፣ ከመሸ «እንዴት አመሸህ?»። ጥቂት ቀን ከተለያየን «እንዴት ሰነበትክ?»። ቃሉ ውስጥ ሰንበት አለ። ብዙ ከቆየን «እንዴት ከረምክ?»። እዚህ ደግሞ ክረምት አለ። ኦሮምኛውም እንደዚሁ ነው። «ቡልቴ» ማደር ነው፣ «ኦልቴ» መዋል ነው። ግሱን በመረጥኩ ቁጥር «አንተን ካየሁህ ይህን ያህል ጊዜ ሆኗል» እያልኩ ነው። ስለ ሰውየው ጤና ምንም አልጠየቅኩም። የተለያየንበትን ጊዜ ግን እንደቆጠርኩ ነግሬዋለሁ።

ይህ ነገር ምን ያህል ክብደት እንዳለው የገባኝ በስህተት ነው። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ሄጄ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። በተመለስኩ ማግስት በልማድ ወደ ሐጂ ሱቅ ሄጄ «እንዴት አደሩ?» አልኳቸው። ሐጂ ቆጣ አሉ። «መቼ አይተኸኝ ነው እንዴት አደሩ የምትለኝ? ሦስት ሳምንት ጠፍተህ!» የተቆጡት ስለ ሰዋስው አይደለም። እሳቸው ሳምንቱን ሲቆጥሩ እኔ አልቆጠርኩም። «እንዴት ከረሙ?» ብዬ ቢሆን ኖሮ «አለመገናኘታችን ታውቆኛል» ማለቴ ነበር። እንዳላስተዋልኩት ነው የነገርኳቸው። ይቅርታ ጠይቄ እንደገና ከመጀመሪያው ሰላም አልኳቸው።

በዚህ ላይ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ የሚለው አለ። አፌን ከመክፈቴ በፊት የሰውየውን ዕድሜና ከእኔ ጋር ያለውን ቅርበት መወሰን አለብኝ። «እንዴት ነህ» ካልኩ በኋላ ወደ «እንዴት ነዎት» መመለስ ይከብዳል። ማን ቀድሞ ሰላም ይበል የሚለውም የታወቀ ነው። ሐጂ ለልጆቻቸው ሲያስተምሩ ሰምቻለሁ። ታናሽ ታላቁን፣ መንገደኛው የተቀመጠውን፣ በእንስሳ ላይ ያለው በእግር የሚሄደውን፣ ጥቂቶቹ ብዙዎቹን ሰላም ይላሉ። በእስልምና ይህ ከነቢዩ የተላለፈ ሥርዓት ነው። ክርስቲያኑም ሰፈር ቢሆን ገቢው ነው የተቀመጠውን ሰላም የሚለው። ሰላምታ ሳይሰጥ ያለፈ ልጅ «ምን ሆኖ ነው?» ይባላል። ባዶ ንግግር ቢሆን ኖሮ ቢቀር ማን ግድ ይሰጠው ነበር?

አሁን ወደ እናቴ ልመለስ። «ደህና ነዎት?» ሰላምታ ሲሆንና ጥያቄ ሲሆን በምን ይለያል? ቃሉ አንድ ነው። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው፣ ልብ ብሎ ላዳመጠ ደግሞ በግልጽ ይሰማል።

መጀመሪያ ፍጥነቱን አዳምጡ። የሰላምታ መልስ አይታሰብበትም። ጠያቂው ሳይጨርስ ይመጣል፣ አንዳንዴም ከጥያቄው ጋር ይደራረባል። ሁለት ጓደኛሞች መንገድ ላይ ትከሻ ለትከሻ ሲገጩ «ሰላም ነው? ደህና ነህ? ሰላም ነው?» ሲባባሉ ማን ጠያቂ ማን መላሽ እንደሆነ አይለይም። እውነተኛ ጥያቄ ግን ሰውን ያሳስባል። «እግርዎ ማበጥ ከጀመረ ስንት ጊዜ ሆነው?» ቢባል እናቴ ዓይኗን ወደ ላይ አድርጋ ትቆጥራለች።

ሁለተኛው ምልክት የመልስ ጥያቄ ነው። ለሰላምታ «አንተስ?» ይባላል። «እንዴት አደሩ?» ሲላት እናቴ «አንተስ እንዴት አደርክ ልጄ?» ብላዋለች። «ምን ያምዎታል?» ብሎ ቢሆን ግን «አንተስ?» አትለውም ነበር። ለእኔ ከሁሉም የሚሻለው መለያ ይኼ ነው። «አንተስ?» ማለት ካስኬደ የተባለው ሰላምታ ነው።

ሦስተኛው ቦታው ነው። በር ላይ፣ ገና ሳይቀመጡ፣ ከሌላው ነገር ሁሉ በፊት የመጣ «ደህና ነዎት?» ምንም ዓይነት ድምፅ ቢሰጡት ሰላምታ ሆኖ ነው የሚሰማው። ወጣቱ ሐኪም የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጥያቄውን ከሰላምታው ጋር አያይዞ በአንድ ትንፋሽ አወረደው። እናቴም ከሰላምታው ጋር ጠቅልላ መለሰችለት።

ግን ለምን «ደህና አይደለሁም» አላለችም? ስድሳ ዓመት ያለፋት ሴት ሐኪም ፊት ቁጭ ብላ፣ እግሯ አብጦ፣ ለምን? እኔስ ሐጂን ለምን «ደህና ናት» አልኳቸው? መዋሸቴ ነው?

ሃርቪ ሳክስ የሚባል አሜሪካዊ የሰዎችን የዕለት ተዕለት ንግግር እየቀዳ ያጠና ነበር። ለዚህ ጥያቄ የሰጠው ማብራሪያ እስከ ዛሬ የሚስተካከለው አላገኘሁም። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው «ደህና ነህ?» ሲልህ «አይ» ካልክ እሱ ዝም ማለት አይችልም። «ምን ሆንክ?» ማለት ግዴታው ነው። እሱ ከጠየቀህ ደግሞ አንተ መናገር ግዴታህ ይሆናል። ችግር ግን ለሁሉም አይነገርም። የቤት ገመና አለ፣ ለባለሱቅ የማይነገር፣ ለአለቃ የማይነገር፣ ለልጅ እንኳ የማይነገር። ችግሩ «ደህና ነህ?» የሚለው ከማንም ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሰው መጀመሪያ «ይህን ለዚህ ሰው መንገር እችላለሁ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ካልቻለ በሩን ሳይከፍት «ደህና» ብሎ ያልፋል።

ሐጂ ሱቅ ያን ዕለት ሌሎች ሁለት ደንበኞች ቆመው ነበር። «እናቴ ደህና አይደለችም» ብል ኖሮ ሐጂ ስኳሩን ትተው «ምን ሆነች?» ይላሉ። የቆሙት ሰዎችም ይሰማሉ። እኔ ስለ እናቴ እግር በሰው መሃል ላወራ ነው። ሐጂ ደግሞ ሱቃቸውን ዘግተው ሊጠይቋት ይመጣሉ፣ አውቃቸዋለሁ። «ደህና ናት» ስል ይኼን ሁሉ ለእሳቸውም ለእኔም አተረፍኩ። ውሸት ነው ብዬ አላስብም። ሐጂም እውነት ነው ብለው አልወሰዱትም። ሁለታችንም የምናውቀውን ቃል ነው የተለዋወጥነው።

ታዲያ ችግር በሰላምታ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም ማለት ነው? ይገባል፣ በጓሮ በር ነው እንጂ። ይህን ያሳየችው ጌይል ጄፈርሰን ናት። እሷም የሳክስ ተማሪ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣችው ጥናት የተቀዱ የስልክ ንግግሮችን መረመረች። ችግር ላይ ያሉ ሰዎች «እንዴት ነህ?» ሲባሉ ብዙ ጊዜ «መጥፎ» አይሉም። «በጣም ደህና»ም አይሉም። ትንሽ ዝቅ ያለ መልስ ይሰጣሉ። ላልተዘጋጀ ሰው ደህና መሆናቸውን የሚናገር ነው። ልብ ላለው ሰው ግን አንድ ነገር እንዳለ ይጠቁማል። ጠያቂው ቢፈልግ ያነሳዋል። ካልፈለገ ያልፈዋል፣ ማንም አያፍርም።

አማርኛ ውስጥ ይህ ዝቅ ያለ መልስ «አለሁ» ነው ብዬ አምናለሁ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ሞልቶ የሚነገር ነው። «ደህና» ያልፋል። «አለሁ» ግን በድምፁ ይወሰናል። ፈጠን ብሎ ከተባለ ምንም አይደለም። ተጎትቶ ከመጣ፣ «አለሁ እንግዲህ»፣ «እንዳለሁ አለሁ»፣ «ምን እላለሁ ብለህ ነው» ከተባለ ሰውየው በሩን ገርበብ አድርጎታል። የቀረበ ሰው ይሰማዋል።

ከጤና ጣቢያው የተመለስን ዕለት ከሰዓት ጎረቤታችን እትዬ ቡና ልትጠጣ መጣች። እኔ በደንብ ሳልቀመጥ ነገሩን ነገርኳት። ሳቅ አለች። «እኔማ ካወቅሁ ሳምንት አለፈኝ» አለችኝ። ለካ ባለፈው ሳምንት ቡና ላይ፣ ቶናው ሲቀዳ፣ «እንዴት ነሽ?» ብትላት እናቴ «አለሁ እንግዲህ» ብላታለች። እትዬ ሲኒውን አስቀምጣ «ምነው? እግርሽ ነው?» አለቻት። ያኔ ሁሉም ወጣ። መቼ እንደጀመረ፣ ማታ ማታ እንደሚብስ፣ መድኃኒቱ ከተቀየረ ወዲህ መሆኑን ጭምር።

ሐኪሙ በካርድና በመሣሪያ ያላገኘውን እትዬ በአንድ «ምነው?» አገኘችው። ለምን? እትዬ ልዩ ችሎታ ኖሯት አይደለም። የእናቴን የሁልጊዜ መልስ ታውቀዋለች። በየቀኑ «እንዴት አደርሽ?» ትላታለች፣ እናቴም በየቀኑ «ይመስገን» ትላለች። ለዓመታት ያንኑ። አንድ ቀን «አለሁ እንግዲህ» ስትላት ልዩነቱ ጆሮዋ ላይ ጮኸ። ከዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ ለእኔ ትልቁ ይኼ ነው። የሰላምታ መልስ በየቀኑ አንድ ዓይነት በመሆኑ ነው ትንሽ ስትጎድል የምትታወቀው። ጎረቤት በየጠዋቱ የሚደጋግመው «እንዴት አደርሽ» ምንም አዲስ ነገር አያመጣም። አዲስ ነገር የመጣ ቀን ግን የሚይዘው እሱ ነው።

ስልክ ላይ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። በደህናው ቀን «ሃሎ፣ ሰላም ነው? ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና ነው? ሥራ እንዴት ነው?» ብሎ ዙሪያ ጥምጥም የሚሄድ አጎት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ደውሎ ሰላምታውን ካሳጠረው ልብ ቀድሞ ይወድቃል። ገና ምንም አላለም። «ማን አለ አጠገብህ?» ካለማ አለቀ። መርዶ ለብቻ ላለ ሰው አይነገርም፣ ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። ሰላምታው ማጠሩ ራሱ መልእክት ሆነ።

ሰላምታ የማይሠራበት ቦታም አለ፣ እሱም ብዙ ያስረዳል። ለቅሶ ቤት የገባ ሰው «እንዴት አደራችሁ?» አይልም። ዝም ብሎ ገብቶ ይቀመጣል። ሲናገርም «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ወይም «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» ነው የሚለው። እነዚህ ምርቃት ናቸው፣ ጥያቄ የላቸውም። «እንዴት አደራችሁ?» የሚያስኬደው መልሱ «ደህና» ሊሆን በሚችልበት ቦታ ብቻ ነው። ትናንት ሰው የቀበረ ሰው «ደህና» ማለት አይችልም። እንደ ሰላምታ የተነገረው ቃል በዚያ ቤት እውነተኛ ጥያቄ ሆኖ ያርፋል፣ ሰውንም ያቆስላል። ሳምንቱ ሲያልፍ፣ ሰው ወደ ሥራው ሲመለስ፣ «እንዴት ሰነበትክ?» ቀስ ብሎ ይመለሳል።

ሐኪም ቤት በዚህ በኩል አስቸጋሪ ቦታ ነው። ሰላምታውም አለ፣ እውነተኛው ጥያቄም አለ፣ ሁለቱም «ደህና ነዎት?» በሚል አንድ ቃል ሊነገሩ ይችላሉ። ጆን ሄሪቴጅና ጄፍሪ ሮቢንሰን የተባሉ አሜሪካ ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሐኪምና ታካሚ ሲነጋገሩ በቪዲዮ እየቀዱ ይህን ለዓመታት አጥንተዋል። «እንዴት ነዎት?» እና «ዛሬ ምን ልርዳዎት?» የሚሉት አከፋፈቶች ከታካሚ የሚያወጡት ነገር አንድ እንዳልሆነ አሳይተዋል። የመጀመሪያው ወደ ሰላምታ ስለሚያዘነብል የሚመለስለትም የሰላምታ መልስ ነው።

አንድ ጥናታቸው ደግሞ ስለ መጨረሻው ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ነው። ሐኪሞቹ ታካሚው ዋና ችግሩን ከተናገረ በኋላ «ሌላስ አለ?» ብለው እንዲጠይቁ ተደረገ። ግማሾቹ በእንግሊዝኛ «የለም» የሚል መልስ የሚጠብቅ ቃል ተጠቀሙ። ግማሾቹ «አዎ» የሚል መልስ የሚጋብዝ ቃል። ልዩነቱ አንድ ቃል ብቻ ነው። ጋባዡን ቃል በተጠቀሙት ዘንድ ሳይነገር የሚቀረው ችግር በ78 በመቶ ቀነሰ። እኛ ጋ «ሌላ ችግር የለም አይደል?» የሚል ሐኪም ስንት አለ? እንዲህ ሲጠየቅ ታካሚው «የለም» ነው የሚለው። «ሌላስ ምን አለ?» ሲባል ግን ቆም ብሎ ያስባል።

በሁለተኛው ቀን እናቴን ይዤ ተመለስኩ። ያን ዕለት የተቀበለችን ሌላ ሰው ናት፣ በዕድሜ ጠና ያለች ነርስ። ሰላምታውን አላሳጠረችም። «እንዴት አደሩ እናቴ? ደህና ነዎት? ቤት ሰላም ነው?» እናቴም እንደ ልማዷ ሁሉንም በ«ይመስገን» መለሰች፣ የነርሷንም ልጆች ጠየቀች። ነርሷ ወንበሯን ሳብ አደረገች። እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «እሺ እናቴ፣ ይህን መድኃኒት ከጀመሩ ወዲህ ሰውነትዎ ላይ ምን አዩ?» አለቻት።

እናቴ ወዲያው አልመለሰችም። እግሯን አየች። ከዚያ ጫማዋን አወለቀች።

ነርሷ ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ጣቷን ስታነሳ ቦታው ጎድጉዶ ቀረ። ካርዱን ገልጣ አየችና ሐኪሙን ጠራችው። ያ ወጣት ሐኪም ነበር። እናቴ የምትወስደው አምሎዲፒን አንዳንድ ሰው ላይ እግር እንደሚያሳብጥ ነገረን። ሌላም ምክንያት እንዳይኖር ሽንቷን አስመረመረ፣ ልቧን አዳመጠ። ከዚያ መድኃኒቱን ቀየረላትና በሁለት ሳምንት ተመለሱ አለን።

ባጃጅ ውስጥ ስንገባ ሾፌሩ «እንዴት ዋሉ እማማ?» አላት። «ይመስገን ልጄ፣ አንተስ?» አለችው። ትንሽ ከሄድን በኋላ ወደ እኔ ዞራ «ዛሬስ ጠየቁኝ» አለች።